የግብርና ምርምር ውጤትን ለተለያዩ ታዳሚዎች የሚያስረዳ ፖስተር አዘገጃጀት

በግብርና ምርምር ጉባኤ ላይ በአንድ ፖስተር ፊት አርሶ አደር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ የወረዳ ባለሙያና ተመራማሪ በየተራ ይቆማሉ። ይህ መረጃ የተዘጋጀው እንዲህ ላሉ የተለያዩ ታዳሚዎች ፖስተር ለሚያዘጋጁ ተመራማሪዎችና ባለሙያዎች ነው።

ለማብራሪያ የቀረበ አብነት

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ተዳፋት ላይ በሚገኙ 9 የአርሶ አደር ማሳዎች የገብስ ሙከራ ተካሄደ እንበል። በጥማድ 25 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ዩሪያ ሲደረግ አማካይ ምርቱ በሄክታር ከ1,600 ወደ 2,000 ኪሎ ግራም አደገ። በ7 ማሳዎች ምርቱ ሲጨምር፣ አፈራቸው ስስና ጭንጫ በሆነ 2 ማሳዎች ግን ለውጥ አልታየም። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ እንጂ የተካሄደ ጥናት ውጤት አይደሉም።

1. ርዕሱ ውጤቱን ይናገር

«የዩሪያ መጠን በገብስ ምርት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ የተጠናውን ነገር ይገልጻል እንጂ የተገኘውን አይናገርም። በምትኩ «ተጨማሪ ዩሪያ ጥልቅ አፈር ባለው ማሳ የገብስ ምርትን ጨመረ፤ በጭንጫ መሬት ግን አልጨመረም» ቢባል፣ አላፊ አግዳሚው ርዕሱን ብቻ አንብቦ ዋናውን ነገር ይዞ ይሄዳል። ገደቡ ከርዕሱ ከተተወ፣ ጭንጫ መሬት ያለው አርሶ አደር የማይጠቅመውን ማዳበሪያ በብድር ሊገዛ ይችላል።

2. መለኪያው አንባቢው የሚያውቀው ይሁን

ጥማድ ሩብ ሄክታር ተብሎ በሚሰላበት አካባቢ፣ በሄክታር 1,600 ኪሎ ግራም ማለት በጥማድ 4 ኩንታል ነው፤ 2,000 ኪሎ ግራም ደግሞ 5 ኩንታል ይሆናል። ስለዚህ ለአርሶ አደሩ መልእክቱ «25 ኪሎ ዩሪያ ተጨምሮ 1 ኩንታል ገብስ ተገኘ» የሚል ነው። አርሶ አደሩ የሁለቱን የገበያ ዋጋ በማነጻጸር ትርፍና ኪሳራውን ራሱ ያሰላል። በሄክታር የተሰላው ልክ ለተመራማሪዎች ከሥዕሉ ግርጌ ይቀመጥ።

3. ሥዕሉ እውነቱን ያሳይ

የባር ግራፍ ቋሚ መስመር ከዜሮ መጀመር አለበት። መስመሩ ከ3.5 ኩንታል ቢጀምር የመጀመሪያው ባር በ0.5፣ ሁለተኛው በ1.5 ከፍታ ስለሚሳል፣ በሩብ ብቻ ያደገው ምርት ሦስት እጥፍ ያደገ ይመስላል። ከአማካዩ ጎን የ9ኙ ማሳዎች ውጤት በ9 ነጥቦች ቢታይ፣ ስታቲስቲክስ ያላጠና ሰው እንኳ ሁለቱ ማሳዎች እንዳልተለወጡ ወዲያው ይገነዘባል። የጥናቱ ንድፍና የስታቲስቲክስ ውጤቱ በታችኛው ማዕዘን ይቀመጡ። ቀይና አረንጓዴን ለይተው ማየት የሚቸገሩ ሰዎች ስላሉ፣ ልዩነቱ በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ብቻ አይመልከት።

4. የፊደሉ መጠንና አቀማመጥ

የኤ ዜሮ ወረቀት 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ለርዕሱ ከ90 ነጥብ፣ ለዋናው ጽሑፍ ከ32 ነጥብ ያላነሰ የፊደል መጠን ይመከራል። በ«በ»፣ በ«ቡ» እና በ«ቢ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ቅጥያ በመሆኗ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ሲያንስና መስመሮቹ ሲጠጋጉ ከሩቅ ለማንበብ ያስቸግራል። ስለዚህ ጽሑፉ ከ300 ቃላት ባይበልጥ ይመረጣል። ማጉላት ሲያስፈልግ ፊደሉን ከማጋደም ይልቅ ማወፈር ይሻላል።

5. ከመታተሙ በፊት የሚደረግ ማጣሪያ

• ፖስተሩን በኤ አራት ወረቀት ያትሙት። የጎኑ ርዝመት ከኤ ዜሮ አንድ አራተኛ ስለሆነ፣ ከዓይን በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ማንበብ ካልተቻለ ትልቁም በ2 ሜትር ርቀት አይነበብም።
• ፋይሉን ፊደሎቹ አብረው በተካተቱበት ፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ይህ ካልሆነ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ሊታዩ ይችላሉ።
• ጥናቱን ለማያውቅ አንድ ሰው ለአንድ ደቂቃ ያሳዩትና ምን እንደተገኘና የት እንደማይሠራ ይጠይቁት። ሁለተኛውን መመለስ ካልቻለ ገደቡ በሚገባ አልታየም ማለት ነውና ርዕሱንና ሥዕሉን ያስተካክሉ።