የግዴታና የአማራጭ ቦታዎች በዲቪ ማመልከቻ

በአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ ላይ አንድ ቦታ የግድ መሞላት እንዳለበት የሚታወቀው ኮምፒውተሩ ቅጹን በመቀበሉ ወይም በመመለሱ ሳይሆን፣ ጉድለቱ በኋላ ቆንስላ ፊት በሚያስከትለው ነው። ስልክ ቁጥር አማራጭ ነው፤ ባይሞላ ማንንም አያስጥልም። የልጆች ቁጥር ግን ሌላ ነው። ሲስተሙ የሚያየው ቁጥር መጻፉን ብቻ ስለሆነ፣ የሁለት ልጆች አባት «0» ብሎ ቢልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ዕጣም ሊወጣለት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው በቃለ መጠይቁ ዕለት ነው፤ ሲያመለክት ከ21 ዓመት በታች የነበሩና ያላገቡ ልጆቹን ሁሉ መጥቀስ ስለነበረበት የእሱም የባለቤቱም ቪዛ ይከለከላል።

«አብሮኝ የማይሄደውን ልጅ ለምን እጽፋለሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መመዝገብ ግን ልጁን እንዲሄድ አያስገድደውም፤ መመሪያውም ሌላ ቤት የሚኖረውን፣ የመሄድ ሐሳብ የሌለውን፣ የእንጀራ ልጅንም ጭምር ጻፉ ይላል። ባይጻፉ የማያስቀጡት የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ልጆች ናቸው። ማመልከቻው ከተላከ በኋላ የተወለደ ልጅም የልደት ማስረጃው ቀርቦ ይጨመራል።