ጋሼ፣ እትዬ

«መቼ ይመጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ወረቀት ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም፣ ለእነሱም ይሆናል። አክብሮት ግሱን ወደ ብዙ ቁጥር ስለሚወስደው ወንድና ሴትም አይለይም። ለታላቅ ሰው መልስ ስንጽፍ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» የሚያስፈልጉት ለወግ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል። «እትዬ፣ መቼ ይመጣሉ?» ሲባል ማን እንደተጠየቀ ግልጽ ነው። ሁለቱም የታላቅ ወንድምና የታላቅ እህት መጠሪያ ሆነው ሳለ ዘመድ ላልሆነ ታላቅም ይሠራሉ። «አቶ» ግን ስም ካልተከተለው ለመጥሪያ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት መሐል ላይ የሚመጣ ነው፦ «ጋሼ፣ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጤናህ እንዴት ነው?» በ«ላኩልኝ» የተሰጠው ክብር በ«ጤናህ» ተነጠቀ። «ጤናዎ» መባል ነበረበት። አባቱን «አባዬ፣ መጣህ?» የሚል ልጅ ግን አላጠፋም፤ የቤቱ ወግ ነው፣ አነጋገሩም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። የሚያስቀይመው መቀላቀሉ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት የየቃሉን መጨረሻ አንድ ጊዜ ይመልከቱ።