ደሙ ሲያገግም ነርቩ የሚጎዳበት በሽታ

በ1945 እ.ኤ.አ. ፎሊክ አሲድ በላቦራቶሪ ተሠርቶ ለሕክምና ሲበቃ፣ አላባማ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ቶም ስፓይስ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ከመጠን በላይ ለገዘፈ የደም ማነስ ሕሙማን ሰጣቸው። ደማቸው በፍጥነት አንሰራራ። ከመካከላቸው ሆዳቸው ኮባላሚንን ማለትም ቫይታሚን ቢ12ን መምጠጥ ያቃተው፣ ፐርኒሸስ አኒሚያ የያዛቸው ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ከ1926 ጀምሮ በጉበት ይታከሙ ስለነበር ክኒኑ ትልቅ እፎይታ ሆነላቸው።

እፎይታው አልዘለቀም። በ1947 የወጡ የሕክምና ዘገባዎች እንዳሳዩት፣ ፎሊክ አሲድ ብቻ ከወሰዱት አንዳንዶቹ ደማቸው ደህና ሆኖ ሳለ እግራቸው ደነዘዘ፤ አካሄዳቸውም ተንገዳገደ።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ሕዋሱ መግባት ያስፈልጋል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ፎሌት ሜቲል የሚባል ቅንጣት ተሸክሟል፤ ይህን ሸክም የሚያራግፍለት ኮባላሚን ነው። ኮባላሚን ከጠፋ ፎሌቱ እንደተሸከመ ይቀራል፤ ለዲኤንኤ ግንባታም አይውልም። በመቅኔ ያለው ሕዋስ ሰውነቱ እያደገ መከፈል ሲያቅተው ገዝፎ ይወጣል። በክኒን የሚመጣው ፎሊክ አሲድ ግን ሜቲል ስለሌለው በሌላ መንገድ ገብቶ ዲኤንኤውን ያስቀጥላል። ደሙ የዳነው በዚህ ነው።

ለነርቭ ግን ይህ አይበቃም። ኮባላሚን ሜቲልማሎኒክ አሲድ እንዳይከማች የሚያደርግ ሌላም ሥራ አለው፤ ፎሌት በዚህ ውስጥ አይገባም። የነርቭን ሽፋን በዋናነት የሚጎዳው የትኛው ጉድለት እንደሆነ አሁንም ያከራክራል። ጉዳቱ በብዛት የሚያርፈው በኅብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው በእግሩ ጣት ላይ የተደረገን የድምፅ ሹካ ንዝረት አይሰማውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆምም ይወላገዳል።

ደሙን ብቻ ማየት የሚያሳስተው ክኒን የወሰደውን ብቻ አይደለም። በ1988 የታተመ የሊንደንባውምና ባልደረቦቹ ጥናት በኮባላሚን እጥረት ነርቫቸው ወይም አእምሯቸው ከታወከ 141 ሰዎች ውስጥ 40ዎቹ የደም ማነስም የገዘፈ ሕዋስም እንዳልነበራቸው አሳይቷል። የብረት እጥረት ሕዋሱን ስለሚያሳንስ፣ ሁለቱ እጥረቶች ሲደራረቡ አማካይ መጠኑ ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር ባለው ጤናማ ክልል ሊያርፍ ይችላል።

የሁዳዴ ጾም ብቻውን የኮባላሚን እጥረትን አያመጣም፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት አለው። ስጋትን የሚጨምሩት ለዓመታት ከእንስሳት ተዋጽኦ መራቅ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ወይም ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ሜትፎርሚን ናቸው። ስለዚህ የገዘፈ ሕዋስ ያየ ሐኪም ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከማዘዙ በፊት ቢ12ን ይለካ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነም ሜቲልማሎኒክ አሲድን ይመርምር። የነርቭ ምልክት ካለ የኮባላሚን መርፌው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ሕክምናው ለወራት የዘገየበት ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።