አለማማጅ ነርስ፦ አዲስ ተመራቂዎችን በሥራ ላይ ማብቃት

አለማማጅ ነርስ፣ በሙያው አጠራር ፕሪሴፕተር፣ ገና የተመረቀን ነርስ በዋርድ ውስጥ ጎን ለጎን ሆኖ የሚያሠራ፣ ያየውን የሚመዘግብና «ይህን ሥራ ለብቻው ቢሠራ አልሰጋም» ብሎ የሚፈርም ልምድ ያለው ነርስ ነው። ከትምህርት ቤት መምህር የሚለየው የሚያስተምረው በፈረቃ ሰዓት፣ እውነተኛ ታካሚ አጠገብ መሆኑ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ ታካሚውንና አዲሱን ነርስ። የሁለቱ ጥቅም ሲጋጭ ታካሚው ይቀድማል፣ ትምህርቱ ቆይቶ ይደርሳል።

ይህ ሥራ ለምን እንዳስፈለገ ከሚያስረዱት ጥናቶች መካከል ሁለት አሜሪካውያን ነርሶች የጻፏቸው ይገኙበታል። ማርሊን ክሬመር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ አዲስ ተመራቂዎች ትምህርት ቤት የተማሩት ነርስነትና ዋርድ ውስጥ ያገኙት ነርስነት አልገጥም ሲላቸው የሚደርስባቸውን ሁኔታ «የእውነታ ድንጋጤ» ብላ ሰየመችው። ፓትሪሺያ ቤነር ደግሞ በ1984 ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት የሚያልፍባቸውን አምስት ደረጃዎች አስቀመጠች። በእሷ አከፋፈል አዲስ ተመራቂ በሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም ጥቂት እውነተኛ ሁኔታዎችን ባየ ጀማሪ ተርታ ነው። ሦስተኛው፣ «ብቁ» የሚባለው ደረጃ የሚመጣው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ከቆዩ በኋላ ነው።

ይህ የአለማማጁን ግብ ይወስናል። በሦስት ወር ውስጥ በቤነር መለኪያ ብቁ የሚሆን ነርስ የለም፤ ያንን መጠበቅ አዲሱንም አለማማጁንም ያደክማል። በሦስት ወር ሊደረስበት የሚችለው ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ነርስ የተለመደውን ሥራ በደህና ይሠራል፤ ያልተለመደ ነገር ሲያይ ደግሞ ያልተለመደ መሆኑን አውቆ ሳይዘገይ ሰው ይጠራል።

የብቃት ደረጃዎችን ለመረዳት ቀላሉ መንገድ አለማማጁ ምን ያህል ርቆ መቆም እንደሚችል መጠየቅ ነው። ኔዘርላንዳዊው የሕክምና ትምህርት ተመራማሪ ኦሌ ተን ካቴ ከ2005 ጀምሮ ያዳበረው፣ ሥራን በአመኔታ የማስረከብ አስተሳሰብ ይህንኑ ነው የሚለው። አዲሱ ነርስ በመጀመሪያ ያያል። ቀጥሎ አለማማጁ አጠገቡ ቆሞ ይሠራል። ከዚያ አለማማጁ እዚያው ዋርድ ውስጥ ሌላ ሥራ እየሠራ፣ ሲጠራ የሚደርስ ይሆናል። በመጨረሻ አዲሱ ነርስ ለብቻው ይሠራል፣ አለማማጁም የሚያየው ውጤቱን ነው። ርቀቱ ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ይለካል። ካኑላ በማስገባት አራተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ነርስ ደም በመስጠት ገና ሁለተኛው ላይ ሊሆን ይችላል። አንድን ሰው በጅምላ «ጎበዝ ነው» ወይም «ደካማ ነው» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ደረጃው በወረቀት ላይ ሲሰፍር በዓይን የሚታይ ድርጊት መሆን አለበት። «የመድኃኒት አሰጣጥ ያውቃል» የሚለው ቃል ማንም ለማንም የሚፈርመው ነው። «በሦስት የተለያዩ ፈረቃዎች፣ በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት የጠብታውን ቁጥር አስልቶ አሳየ፤ ጠብታውንም በሰዓት ቆጥሮ አስተካከለ» ሲባል ግን የሆነ ወይም ያልሆነ ነገር ነው። ቅጹ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀንና በአንድ ቀለም የተፈረመ ሆኖ ከተገኘ የተለካ ብቃት የለም፤ የተሞላው ቅጽ ብቻ ነው።

የጊዜው አከፋፈል እንደ ክፍሉ ይለያያል። ለአሥራ ሁለት ሳምንት በታቀደ የአዋቂዎች ዋርድ መርሐ ግብር ሥራው ብዙውን ጊዜ በአንድ ታካሚ ይጀመራል። አዲሱ ነርስ የዚያን ሰው ነገር ከርክክብ እስከ ርክክብ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ሁለትና ሦስት ታካሚ ይጨመርለታል። ከዚያ ወደ ዋርዱ የተለመደ ቁጥር ይጠጋል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙሉውን ይይዛል። ታካሚ የሚጨመረው ቀኑ ስለደረሰ ብቻ መሆን የለበትም። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ በፈረቃው መግቢያ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከታካሚዎችሽ መጀመሪያ የምታዪው ማንን ነው? ለምን?» ሥራውን ሁሉ በሰዓቱ የሚጨርስ፣ ግን ለዚህ ጥያቄ በአልጋ ቁጥር ቅደም ተከተል የሚመልስ ነርስ ታካሚ ሊጨመርለት አይገባም። እጁ ፈጥኗል፣ ዓይኑ ግን ገና ነው።

ግብረ መልስ እንዴት እንደሚሰጥ በአንድ ምሳሌ እንየው። አዲሷ ነርስ አምስተኛ ሳምንቷ ላይ ናት። አንድ ታካሚ በ12 ሰዓት ልዩነት 1 ግራም ቫንኮማይሲን ታዞለታል። መድኃኒቱን በ250 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በጥብጣ ሰቀለችው። የጠብታ መስመሩ ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። አለማማጇ ሲስተር በአልጋው በኩል ስታልፍ ታካሚው አንገቱን ሲያክ አየች፤ ፊቱና ደረቱ ቀልቷል። ሰዓቷን አይታ ጠብታውን ለ15 ሴኮንድ ቆጠረች፤ 42 ሆነ። በደቂቃ 168 ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ከረጢቱ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ለ1 ግራም ቫንኮማይሲን ግን ቢያንስ 100 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ በዚህ መስመር ቢበዛ በደቂቃ 50፣ በ15 ሴኮንድ 12 ጠብታ ያህል መሆን ነበረበት። ቫንኮማይሲን ሲፈጥን ሰውነት ሂስታሚን ይለቃል፤ ማሳከክ፣ መቅላት፣ አንዳንዴም የደም ግፊት መውረድ ይከተላል።

አሁን ትምህርት የለም። ሲስተር ጠብታውን ዘጋችና «አንድ ጊዜ እናቁመው» አለች። ይህ ቃል ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት የተስማሙበት ነው፤ ታካሚው ፊት ማንንም ሳይወቅስ ሥራውን ያቆማል። ለታካሚው «አባቴ፣ መድኃኒቱ ፈጥኖ ገብቶ ነው ያሳከከዎት፤ አቁመነዋል፣ አብረንዎት ነን» አለችው። የደም ግፊቱንና የኦክስጅን መጠኑን ለኩ፤ የከንፈርና የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲር ሲር የሚል ድምፅ እንደሌለ አረጋገጡ። እነዚህ ቢኖሩ ነገሩ ሌላ፣ አናፊላክሲስ ይሆን ነበርና። ሐኪሙ ተጠራ። ምልክቱ ሲበርድ መድኃኒቱ በሐኪሙ ትዕዛዝ ቀስ ብሎ እንደገና ተጀመረ፤ የሆነውም በቻርቱ ላይ ተጻፈ።

ንግግሩ የተደረገው ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በመድኃኒት ክፍሉ ውስጥ በሩ ተዘግቶ ነው። ሲስተር ያየችውን በቁጥር ተናገረች፦ «በ15 ሴኮንድ 42 ጠብታ ቆጠርኩ። ያሳሰበኝ ቫንኮማይሲን በዚህ ፍጥነት ግፊት ሊጥል ስለሚችል ነው። ስትሰቅዪው ምን አስበሽ ነበር?» አዲሷ ነርስ መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ ሲስተር፣ ስህተቴ ነው» አለች። ሲስተር ግን እዚያ አላቆመችም። «ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ስሌትሽን አሳዪኝ» አለቻት። ወረቀቱ ሲወጣ ስሌቱ ልክ ነበር፦ 250 በ20 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 167። የተሳሳተው 30 ደቂቃው ነው። «ሴፍትሪያክሶንን በ30 ደቂቃ ስለምንሰጥ አንቲባዮቲክ ሁሉ እንደዚያ መስሎኝ ነው» አለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲስተር ሳትጠይቅ «ጠብታ በደንብ ቁጠሪ» ብትላት ኖሮ የምትመክራት አሳምራ በምትሠራው ነገር ነበር። ቆጠራዋም ስሌቷም ትክክል ነው፤ የጎደለው እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ጊዜ እንዳለው ማወቅ ነው። ለዚያ ሁለቱ አብረው የመድኃኒት አሰጣጥ መመሪያውን ከፈቱ። ለሚቀጥሉት አምስት ፈረቃዎች አዲሷ ነርስ ማንኛውንም የደም ሥር መድኃኒት ከመስቀሏ በፊት የሚሰጥበትን ጊዜና ያገኘችበትን ቦታ ለሲስተር እንድትናገር ተስማሙ። በቅጹ ላይ የጠብታ ስሌት በነበረበት ደረጃ ቆየ። የደም ሥር አንቲባዮቲክ መስጠት ግን ከሦስተኛው ርቀት ወደ ሁለተኛው ተመለሰ፤ ይህም በግልጽ ተነገራት።

ያየሁትን መናገር፣ ያሳሰበኝን መናገር፣ ከዚያ የሌላውን ሐሳብ ከልብ መጠየቅ በሕክምና ማስመሰያ ሥልጠናዎች ውስጥ የታወቀ ዘዴ ነው። ብዙዎች የሚመርጡት ትችትን በሁለት ምስጋና መሃል አጅቦ ማቅረብን ነው፤ እኔ አልመክረውም። ሰሚው ምስጋናውን ይዞ ይሄዳል፣ ወይም ምስጋና በሰማ ቁጥር ቀጣዩን ዱላ ይጠብቃል። ምስጋና ሲገባ ለብቻውና ዝርዝሩ ተለይቶ ይሰጥ፦ «ኦክስጅኑ ወደ 88 ሲወርድ ታካሚውን ቀና አድርገሽ ከዚያ ጠራሽኝ፤ ቅደም ተከተሉ ልክ ነበር።» «ጎበዝ» ብቻ ከተባለች ምኑን መድገም እንዳለባት አታውቅም።

በእኛ ዋርዶች አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። ታላቅ ፊት «እሺ» ማለት አክብሮት ነው፤ ገብቶኛል ማለት ላይሆን ይችላል። ብጠይቅ አላዋቂ እመስላለሁ ብላ የምትፈራ ነርስ ካልገባት ትዕዛዝ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ስለዚህ አለማማጁ «ገባሽ?» ብሎ አይጠይቅ፤ «ለማታው ፈረቃ እንዴት አድርገሽ ታስረክቢዋለሽ?» ይበል። መልሱ ውስጥ የገባውና ያልገባው ይለያል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ጥያቄ ያልጠየቀ አዲስ ነርስ ብዙ ከሚጠይቀው ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል።

ዘዴው የሚከሽፍባቸው መንገዶች አሉ። የተለመደው አለማማጁ ሙሉ የታካሚ ቁጥሩን ይዞ «እግረ መንገድህን አሳየው» ሲባል ነው። ያን ጊዜ ሲጣደፍ «አምጪው እኔ ልሥራው» ይላል፤ አዲሷ ነርስም ከርቀት አንድ ወደ ሁለት ሳታልፍ ሳምንቱ ያልቃል። ሁለተኛው አለማማጁ በየፈረቃው ሲለዋወጥ ነው። አንዱ ያረመውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ የትናንቱን 42 ጠብታ የሚያስታውስ አይኖርም። መለዋወጡ የማይቀር ከሆነ ቅጹ ከሰው ወደ ሰው ይሻገር፤ በመጨረሻው መስመር ላይ «ነገ የሚታይ ነገር» ይጻፍበት።

እድገቱ የቆመ ነርስ ሲያጋጥም ዝም ብሎ ጊዜ መጨመር አይረዳም። ከዋርድ ኃላፊው ጋር ሆኖ የቀረውን አንድ ወይም ሁለት ነገር ለይቶ ለሁለት ሳምንት የተጻፈ ዕቅድ ማውጣት ይሻላል፤ ምን እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየውና ስንት ጊዜ መታየት እንዳለበት የሚገልጽ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ካልተሳካ አለማማጁ ፊርማውን ይከለክላል። ቀጣዩን የሚወስነው የነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊው ነው፤ ወደ ረጋ ያለ ክፍል መዛወር፣ መርሐ ግብሩን ማራዘም፣ ወይም ሌላ።