የአዲስ ዓመት የምርቃት ግጥም፦ ወደ ጂዛን ለሚላክ ካርድ

ምርቃት በባህላችን የሚነገር እንጂ የሚጻፍ አልነበረም። ሽማግሌው ወይም እናቲቱ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ የተሰበሰበው ሰው በየሐረጉ መጨረሻ «አሜን» ይላል። ተመራቂው አጎንብሶ ጉልበት ስሞ ይቀበላል። ለዕንቁጣጣሽ ወደ ባሕር ማዶ በሚላክ ካርድ ላይ ግን የተዘረጋ እጅ የለም፤ «አሜን» የሚል ጉባኤም የለም። ስለዚህ በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግጥም የእነዚህን ቦታ በቃላት መሸፈን ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በጂዛንና በአካባቢዋ የድንበር ከተሞች ለሚኖር ዘመድ የሚላክ የምርቃት ግጥም እንዴት እንደሚዋቀርና በምን እንደሚሰናከል ያስረዳል።

የተቀባዩ ስፍራ

ጂዛን በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማና የጂዛን ክፍለ ሀገር መቀመጫ ናት። በስተደቡብ የየመን ድንበር አለ፤ ሳምጣ፣ ጡዋልና ዓሪዳ በዚያው አቅጣጫ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሜዳው ሞቃትና ወበቃም ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ግን የፋይፋና የዳኢር ተራሮች ይነሣሉ፤ በእርከን የታረሰው ማሳ የኢትዮጵያን ደጋ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በዚያ የሚለማው የኸውላኒ ቡና የአመራረት ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በርካታ ኢትዮጵያውያን ወደዚህ አካባቢ የሚደርሱት ቀይ ባሕርንና የመንን አቋርጠው ነው። አንዳንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ማለትም ኢቃማ አለው፤ ሌላው የለውም። አንዷ በሰው ቤት ታገለግላለች፤ ሌላው በእረኝነት ወይም በእርሻ ተሰማርቷል። በዚህ የተነሣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምርቃት ማግኘት አይቻልም። ለዋሽንግተን ዘመድ ምንም የማይል ስንኝ ለጂዛኑ ዘመድ ልብ የሚሰብር ሊሆን ይችላል።

መርቆ የሚጽፈው ማን ነው?

በልማድ የሚመርቀው ታላቅ ነው፤ ታናሽ ታላቁን አይመርቅም። ስለዚህ አገር ቤት የቀሩ ልጆች ጂዛን ላለች እናታቸው ካርድ ሲልኩ «ያድርግሽ»፣ «ይባርክሽ» እያሉ በራሳቸው አንደበት ቢጽፉ ነገሩ ያፈነግጣል። የተለመደው መፍትሔ ግጥሙን በአያት አንደበት መጻፍና ከሥሩ «አያታችን እንዲህ ብላ መረቀችሽ» ማለት ነው። ልጆቹ በራሳቸው ድምፅ ለመናገር ከፈለጉ «እንኳን አደረሰሽ»፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» በሚለው የምኞት ቃል ይወሰናሉ።

መልካም ልውውጡ የሚከፈተው ደግሞ በስድ ንባብ ነው። በክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ የዘመኑ ስም በወንጌላውያን ይጠራል። ስሙን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ይሆናል። ለምሳሌ 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል። ስለሆነም የ2019 ካርድ «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረሽ» ይላል። ያለፈውን ዓመት ካርድ የገለበጠ ሰው በመጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕለቱን በተመለከተም መስከረም 1 ቀን 2019 በአውሮፓውያኑ መስከረም 11 ቀን 2026 ላይ ይውላል። ዘመነ ሉቃስ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 በአንድ ቀን ዘግይቶ መስከረም 12 ቀን 2027 ይሆናል።

የግጥሙ አወቃቀር

ለምርቃት የሚመቸው የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው። እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ ከመካከል ይከፈላል። ይህ ክፍያ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ አንባቢው ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቦታ ነው። በሁለት ስንኝ መጨረሻ ላይ ቤት ሲመታ ደግሞ ሰሚው «አሜን» የሚልበት ክፍተት ይገኛል። ስለዚህ በካርድ ላይ ከየሁለት ስንኙ በኋላ ትንሽ ባዶ ቦታ መተው ይገባል።

ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ የዘመኑ መግባት ይነሣል፣ ቀጥሎ ከክፉ መጠበቅ፣ ከዚያ የሥራ በረከት፣ በመጨረሻም መገናኘት ይመጣል። አንዲት እናት በጂዛን አቅራቢያ በቤት ሠራተኝነት ለምትኖር ልጇ ብትጽፍ እንዲህ ልትጀምር ትችላለች፦

አደይ ካገር ፈክቶ፣ መስከረም ሲጠባ፣
በሄድሽበት አገር፣ ቤትሽ ጤና ይግባ።

ምጣኔው ሞልቷል፤ «ጠባ» እና «ይግባ» ቤት ይመታሉ። ነገር ግን በሰው ቤት ተቀምጣ የምታገለግል ልጅ «ቤትሽ» የሚለውን ቃል ስታነብ የራሷ ቤት እንደሌላት ያስታውሳታል። «ቤትሽ ጤና» የሚለውን «ልብሽ ሰላም» ብሎ ቢተኩት የቀለሙ ቁጥር ሳይጓደል ስንኙ ወደ ራሷ ይመለሳል። ሙሉው ግጥም እንዲህ ይሆናል፦

አደይ ካገር ፈክቶ፣ መስከረም ሲጠባ፣
በሄድሽበት አገር፣ ልብሽ ሰላም ይግባ።

ከበረሃው ንዳድ፣ ከጠራራ ፀሐይ፣
ይጋርድሽ ፈጣሪ፣ ክፉ ባንቺ አይታይ።

የነካሽው ሁሉ፣ ይባረክ ይስፋፋ፣
የድካምሽ ፍሬ፣ በከንቱ አይጥፋ።

ለሀገርሽ ያብቃሽ፣ በወግ በማዕረግ፣
ናፍቆቱ ያብቃና፣ ድግሱ ይደረግ።

የምርቃቱ ኃይል ያለው በግሦቹ ላይ ነው። «ይግባ»፣ «ይጋርድሽ»፣ «ይስፋፋ»፣ «አይጥፋ» ሁሉም የልመናና የፈቃድ ቅርጽ ናቸው። አንዱ ወደ «ይጋርድሻል» ወይም «አይጠፋም» ከተለወጠ ምርቃቱ ትንቢት ወይም ማጽናኛ ይሆናል፤ «አሜን» ለማለትም አይመችም። ጽሑፉ ምርቃት መሆን አለመሆኑን ለመፈተን በየሁለት ስንኙ መጨረሻ «አሜን» ብሎ ማንበብ ይበቃል፤ ቃሉ ካልገጠመ ግሡ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ለወንድና ለአንቱታ ሲለወጥ

ለወንድ ሲጻፍ «ይጋርድሽ» «ይጋርድህ»፣ «የነካሽው» «የነካኸው» ይሆናል፤ ምጣኔው አይናጋም። አንቱ ለሚባል ሰው ግን ይናጋል። «ይጋርድዎ» አንድ ቀለም ስለሚጨምር «ፈጣሪ» በሚለው ቦታ ባለ ሁለት ቀለም ቃል መግባት አለበት። በክርስቲያን ቤት «ይጋርድዎ ጌታ»፣ በሙስሊም ቤት «ይጋርድዎ አላህ» ሲባል ስድስቱ ቀለም ይሞላል። ለሙስሊሟ ልጅ ደግሞ «አላህ ይጋርድሽ» ብቻውን አምስት ቀለም ስለሆነ ይጎድላል፤ «አላህ ይጋርድሽና» ሲባል ይስተካከላል።

ይህ የእምነት ጉዳይ በጥንቃቄ መታየት አለበት። በጂዛን ካሉት ኢትዮጵያውያን መካከል ሙስሊሞች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ መስከረም 1 የአገር ዘመን መለወጫ እንጂ የሃይማኖት በዓል አይደለም። የወንጌላውያኑን ስም ትቶ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ» ማለት ይበቃል። ክርስቲያን ለሆነው ተቀባይም ቢሆን የአገሩ ሕግ ከእስልምና ውጭ ያለ እምነትን በአደባባይ ማሳየት ስለማይፈቅድ፣ ካርዱም በአሠሪ እጅ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከመስቀልና ከቅዱሳን ሥዕል ይልቅ አደይ አበባ የተሣለበት ካርድ ይመረጣል። ይህ ከልማዳችንም አይርቅም፤ በዕንቁጣጣሽ ማለዳ ወንዶች ልጆች ለጎረቤት የሚያድሉት በእጃቸው የሣሉትን አበባ ነውና።

የሚያሰናክሉ ስንኞች

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ምርቃት ነው። «ለሀገርህ ያብቃህ» የሚለው ቃል አገር ቤት ላለው ፍጹም ደግ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለውና ተይዞ እንዳይመለስ ለሚሰጋ ሰው ግን የሚሰማው ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ የደከሙበትን ሳይዙ ነው የገቡት። «በወግ በማዕረግ» የሚለው ሐረግ የገባው ለዚህ ነው፤ የሚመኝለት መመለስ በክብርና በራሱ ጊዜ የሆነውን እንጂ ማንኛውንም መመለስ አለመሆኑን ይናገራል። ቦታ ሲያጥር ይህ ሐረግ ተቆርጦ «ለሀገርህ ያብቃህ» ብቻ ከሚቀር ስንኙ ሙሉ በሙሉ ቢቀር ይሻላል።

ሁለተኛው መሰናክል ምርቃቱ ወደ ጥያቄ ሲለወጥ ነው። «እጅሽ ሞልቶ ይምጣ»፣ «የቤቱን ጣሪያ ያልብስልን» የሚሉ ስንኞች ምርቃት ይመስላሉ፤ አንባቢዋ ግን የምትሰማው የገንዘብ ጥያቄ ነው። በረከቱ «የድካምሽ ፍሬ» ተብሎ ለተቀባይዋ ሲሰጥ ብቻ ምርቃትነቱ ይጸናል። ሦስተኛው በካርድ ላይ ስለ መንገዱ መጻፍ ነው፤ የተሻገረበትን በርና ያሻገረውን ሰው የሚያነሣ ስንኝ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ተቀባዩን ሊጎዳ ይችላል።

ካርዱ እንዲደርስ

በፖስታ የሚላክ ካርድ በነሐሴ ቢላክ ይመረጣል። የፖስታው ጀርባ በዓረብኛ ወይም በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛው ለውስጡ ነው። የተቀባዩ ስም በፓስፖርቱ ወይም በኢቃማው ላይ ባለው አጻጻፍ መሆን አለበት። የሳዑዲ ብሔራዊ አድራሻ ባለ 4 አኀዝ የሕንፃ ቁጥር፣ የመንገድና የሰፈር ስም፣ ከተማ፣ ባለ 5 አኀዝ የፖስታ መለያና ባለ 4 አኀዝ ተጨማሪ ቁጥር ይይዛል። በእረኝነት ወይም ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው ይህ አድራሻ ስለማይኖረው ካርዱ በተጓዥ እጅ ይላካል፤ ካልሆነም ፎቶ ተነሥቶ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ይደርሳል።

በስልክ ሲላክ ከሥዕሉ ጋር መራቂዋ ራሷ ግጥሙን ያነበበችበትን ድምፅ ማያያዝ ይቻላል። ያኔ ቤት ያሉት ሰዎች በየሁለት ስንኙ መካከል «አሜን» እንዲሉ ይደረጋል፤ ድምፁም አብሮ ይቀረጻል። ጂዛንና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ስለሆኑ መልእክቱ በዕንቁጣጣሽ ጠዋት አገር ቤት ቡናው ሲፈላ ቢላክ እዚያም ጠዋት ላይ ይደርሳል።