ፎከስ፦ ተራው የየትኛው ቁልፍ ነው?

ጣት ራሱ ያመለክታል፣ ራሱ ይጫናል። «ጀምር» የሚለውን የፈለገ ተጫዋች «ጀምር»ን ይነካና ይገባል። ጌምፓድ፣ በየሰፈሩ ጆይስቲክ የምንለው፣ እንዲህ ማመልከት አይችልም። A ሲጫን ጨዋታው መጀመሪያ «የትኛውን?» የሚለውን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሜኑው ተከፍቶ እስካለ ድረስ ከቁልፎቹ አንዱ ትእዛዝ ተቀባይ ሆኖ መቆየት ይኖርበታል። ባለሙያዎች ይህን ፎከስ ይሉታል።

«ትኩረት» የሚለው ትርጉም አስቀድሞ ወደ አፍ ይመጣል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ትኩረት የሰው ነው። ተጫዋቹ የስክሪኑን ሌላ ጥግ እያየም ቢሆን A ሲጫን የሚሠራው ፎከስ ያለበት ቁልፍ ነው። «ተራ» ብንለው ይሻላል፤ ተራ የያዘውም «ተረኛ» ይሁን፣ ሌሊቱን ክፍት እንደሚያድረው ተረኛ ፋርማሲ። «ተራው ወደ ታች ወረደ»፣ «ተራ ጠፋ» ማለትም አያስቸግርም።

ቃሉ በጣም የሚያስፈልገው ጣትና ጌምፓድ አንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ነው። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ ባለ 7 ኢንች ንክኪ ስክሪን አለው፤ ጌምፓዱም ከጎንና ከጎኑ ተገጥሞበታል። ተጫዋቹ አንዱን ሜኑ በጣቱ ጀምሮ በጌምፓዱ ይጨርሰዋል።

ጎዶት በተባለው የጨዋታ መሥሪያ ሜኑ ሲከፈት ተራውን ለአንድ ቁልፍ በኮድ ካልሰጡ ጌምፓዱ ምንም አያደርግም። ሠሪው ስልኩ ላይ በጣቱ ብቻ ሲሞክር ስለቆየ ይህን አያየውም። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦

```
start_button.grab_focus()
```

ከባዱ ተራው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ነው። ሰባት ደረጃዎች ያሉት ገጽ በሦስት ዓምድ ተደርድሯል እንበል። 7ኛው ከታች በግራ በኩል ብቻውን ይቀራል፤ «ተመለስ» ደግሞ ከታች በቀኝ ጥግ ተቀምጧል። ጎዶት ጎረቤት ካልተነገረው በአቀማመጥ ለተጫነው አቅጣጫ የሚቀርበውን ራሱ ይመርጣል። ተጫዋቹ 6ኛው ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲጫን 7ኛው ወደ ግራ ርቆ ስለሚገኝ ተራው «ተመለስ» ላይ ያርፋል። ቀጥሎ A ከተጫነ ሳያስበው ከገጹ ይወጣል። በጣት የሚጫወት ሰው ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያገኘውም። የሚታረመው ጎረቤቱን በእጅ በመንገር ነው፦

```
level_6.focus_neighbor_bottom = level_6.get_path_to(level_7)
```

ከ7ኛው ወደ ቀኝ ሲሄዱ «ተመለስ» እንዲገኝም እንዲሁ ይነገረዋል፤ አለዚያ አንዱን ቀዳዳ ስንደፍን ሌላ እንከፍታለን።

ተራ የሚጠፋበት ሌላም ቦታ አለ። «ጨዋታውን ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ ተጭኖ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል መስኮት ሲመጣ ተራው ወደ መስኮቱ ካልገባ፣ ከኋላ ያለው ሜኑ ትእዛዝ መቀበሉን ይቀጥላል። እኔ መጀመሪያ ተራውን «አይ» ላይ አስቀምጣለሁ፤ A ደጋግሞ የሚጫን ሰው ብዙ ነውና። መስኮቱ ሲዘጋ ተራው መስኮቱን ወዳስከፈተው ቁልፍ ይመለሳል። ያ ቁልፍ ከነተቀመጠው ጨዋታ ጠፍቶ ከሆነስ? አጠገቡ ላለው ካልተላለፈ በቀር ተራው የማንም ሳይሆን ይቀራል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የትኛውም ቁልፍ አይበራም፣ አቅጣጫ ሲጫኑም ምንም አይንቀሳቀስም።

ጣትና ጌምፓድ ሲፈራረቁስ? ጣት ሲነካ ተረኛውን የሚያደምቀው ክፈፍ ቢደበቅ ጥሩ ነው፤ አለዚያ አንዱ በርቶ ሌላው ሲነካ ተጫዋቹ ሁለት ነገር የመረጠ ይመስለዋል። የመጨረሻው ተረኛ ማን እንደነበር ግን ይያዝ። በኋላ ጌምፓዱ ሲነካ የመጀመሪያው ጫና ክፈፉን ብቻ ይመልስ፣ ምንም አያስፈጽም። ተጫዋቹ ክፈፉን ማየት የጀመረው ገና አሁን ስለሆነ፣ ያላየውን ቁልፍ ሊጫን አይገባም። አንዳንዶች ይህን ጫና እንደ ባከነ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን በስሕተት ከተሰረዘ ጨዋታ የባከነ ጫና ይሻለኛል።

የቁልፉ መጠን የሚወሰነው በጣት ነው። የአንድሮይድ መመሪያ ቢያንስ 48 ዲፒ ይላል፣ ወደ 9 ሚሊሜትር ግድም። ጌምፓዱ መጠን አይገደውም፤ እሱ የሚፈልገው ተረኛው ከሩቅ መለየቱን ነው። ቀለም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ወፍራም ክፈፍ መጨመር ወይም ቁልፉን በመጠኑ ማሳደግ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ያረጀ ጌምፓድ ጉዳይ አለ። ያረጀ ማንቀሳቀሻ እጅ ሳይነካውም ትንሽ ያዘነብላል። ማንኛውንም እንቅስቃሴ «ጌምፓድ ተነካ» ብሎ የሚቆጥር ኮድ ጣት ስክሪኑ ላይ እያለ ክፈፉን ያበራል፣ ያጠፋል። የማንቀሳቀሻው ንባብ ከ-1 እስከ 1 ስለሆነ ከ0.5 በታች የሆነውን ችላ ማለት ብልጭ ድርግሙን ያስቆመዋል፦

```
if event is InputEventJoypadMotion and abs(event.axis_value) < 0.5:
    return
```