ኢንዶስፖር

ኢንዶስፖር በባሲለስና በክሎስትሪዲየም ወገን የሚመደቡ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያጡ በውስጣቸው የሚሠሩት፣ ሙቀትንና ድርቀትን የሚቋቋም እንቅልፍ ላይ ያለ ሴል ነው። ከአንድ ባክቴሪያ የሚወጣው አንድ ስፖር ብቻ ስለሆነ ጥቅሙ መራባት ሳይሆን ክፉ ጊዜን ማሳለፍ ነው። የአባ ሰንጋና የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆዩት በዚህ መልክ ነው።

አፈጣጠር

ሂደቱ በይበልጥ የተጠናው በባሲለስ ሰብቲሊስ ላይ ሲሆን 8 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ባክቴሪያው መጀመሪያ ዲ.ኤን.ኤውን ያባዛል፤ ከዚያም መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጫፍ ተጠግቶ ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ክፍል ትንሹን ይውጠዋል፤ በዙሪያውም ኮርቴክስ የሚባል ወፍራም ሽፋንና ከላዩ የፕሮቲን ልባስ ይሠራለታል። በመጨረሻም ትልቁ ክፍል ፈርሶ ስፖሩ ነፃ ይወጣል።

መፍላትን የሚቋቋምበት ምክንያት

ሙቀት ተራ ባክቴሪያን የሚገድለው ውኃ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖቹን ቅርጽ በማሳጣት ነው፤ እንቁላል ሲቀቀል እንደሚረጋው ማለት ነው። በስፖሩ እምብርት ግን ውኃው በጣም አነስተኛ ነው። ቦታውን በከፊል ካልሲየምና ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ይይዙታል፤ ኮርቴክሱም ውኃ ተመልሶ እንዳይገባ ያደርጋል። ስለዚህ ፕሮቲኖቹ በቀላሉ አይፈቱም። ዲ.ኤን.ኤውን ደግሞ የተጣበቁበት ትናንሽ ፕሮቲኖች ይጠብቁታል።

ምሳሌ፦ ጋምቤላና አዲስ አበባ

ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በጋምቤላ ከተማ በ98 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ስፖሮችን ቁጥር ወደ አንድ አስረኛ ለማውረድ በ121 ዲግሪ 0.2 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ጊዜው 10 እጥፍ ይረዝማል። በዚህ ስሌት ጋምቤላ ላይ 40 ደቂቃ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ማፍላት ያስፈልጋል። ይህም ከ10 ስፖሮች አንዱን በሕይወት ያስቀራል። በጤና ተቋማት የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ከማፍላት ይልቅ 121 ዲግሪ በሚደርስ ኦቶክሌቭ የሚጸዳው ለዚህ ነው፤ እንፋሎቱ በግፊት ስለሚታመቅ ከፍታ አይገድበውም።

ከፈላ በኋላ

ውኃን አፍልቶ መጠጣት ግን ይጠቅማል፤ የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያዎች ስፖር ስለማይሠሩ በመፍላት ይሞታሉ። አደጋው ያለው ተቀቅሎ በሚቀመጥ ምግብ ላይ ነው። ሩዝ ሲቀቀል የባሲለስ ሴሪየስ ስፖሮች ይተርፋሉ፤ ሙቀቱ እንዲያውም ለመንቃት ያነሣሣቸዋል። እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት አየር ውስጥ ምግቡ ለሰዓታት ሲቀመጥ ባክቴሪያዎቹ ይባዛሉ። አንዳንዶቹ የሚያመነጩት የሚያስመልስ መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም፤ ሽታውም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ የተረፈውን ምግብ ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ አለዚያም ከ60 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ ማቆየት ያስፈልጋል።